ሥራ ልግባ ወይስ ትምህርቴን ልቀጥል? የታለፈ ዕድል ዋጋ እንዴት ይሰላል

አንዲት የዘጌ ልጅ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ትማራለች እንበል። ከአራቱ ዓመት ሁለቱን ጨርሳለች። ክረምቱን ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆና ስትሠራ ባለቤቱ ወደዳትና "ከመስከረም ጀምሮ በቋሚነት ልቅጠርሽ" አላት። የዶርም ጓደኞቿ ደግሞ "ግቢው ያበላል፣ ያስተኛል፤ ምን ከፍለሽ ነው ትምህርት የምታቋርጪው?" ይሏታል።

ግን ትከፍላለች። መማርን ስትመርጥ የምትተወው ከሌሎቹ አማራጮች ሁሉ የሚሻለውን ነው፤ የዚያ ጥቅም የታለፈ ዕድል ዋጋ ይባላል። እስክሪብቶና ወረቀት ይዘን እናስላው። ከታች ያሉት የብር መጠኖች ለምሳሌ ብቻ ስለሆኑ በራሳችሁ ቁጥር ተኳቸው።

1. አንድ አማራጭ ብቻ ያዙ

የሆቴሉን ደመወዝ፣ የዘጌን ቡና አምጥቶ መሸጥን፣ የአጎትን ሱቅ መጠበቅን አንድ ላይ መደመር የተለመደ ስህተት ነው። በአንድ ሰዓት ሦስት ቦታ አይሠራም። የሚሻለውን አንዱን ያዙ፣ ሌላውን ሰርዙ። እዚህ የሚሻለው ሆቴሉ ነው።

2. ደመወዙን ሳይሆን የሚተርፈውን ቁጠሩ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቅጥር ደብዳቤ ላይ ከተጻፈው የሥራ ግብር ይቀነሳል፤ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮም ይቆረጣል። እጇ የሚገባው 9,000 ብር ነው እንበል። ተማሪዋ 9,000ን በ24 ወር አባዝታ "216,000 ብር አመለጠኝ" ልትል ትችላለች።

አላመለጣትም። ሥራ ከገባች ከዶርም ትወጣለች። የቤት ኪራይ 3,000፣ ምግብ 3,500፣ ባጃጅ 500 ብር ቢሆን በወር የሚተርፋት 2,000 ብር ነው፤ በ24 ወር 48,000። ሳሙናና የስልክ ካርድ ብትማርም ብትሠራም ስለምትገዛ ከሂሳቡ ይውጡ። ቲፕ ካለ ጨምሩ፤ የጥምቀት ሰሞኑን ግን የዓመቱ አማካይ አታድርጉት። እየተማረችም በመካከሉ ባለው ክረምት ሠርታ 4,000 ብር ብታተርፍ እሱ ይቀነሳል። የታለፈው ዕድል ዋጋ 44,000 ብር ሆነ።

3. የትምህርቱን የራሱን ወጪ ጨምሩ

የግቢው ምግብና መኝታ በነጻ አይደለም፤ በኮስት ሼሪንግ ውል ከምረቃ በኋላ የሚመለስ ዕዳ ነው። በሥራው በኩል ምግብና ኪራይ ስለቀነስን በትምህርቱ በኩል ይህን ዕዳ ካልጨመርን ሚዛኑ ያጋድላል። በውሉ ላይ ያለውን የሁለቱን ቀሪ ዓመታት ድርሻ 30,000፣ ኮፒና ኢንተርኔት 10,000 ብር ብንል፣ ከ44,000 ጋር ጠቅላላው 84,000 ብር ይመጣል።

4. ያለፉትን ሁለት ዓመታት አትቁጠሩ

"ይህን ያህል ደክሜ እንዴት እተወዋለሁ?" የሚለው ስሜት የሚገባ ነው። ነገር ግን ያ ድካም ብትቀጥልም ብታቆምም አይመለስም። ያለፈው የሚጠቅማት ዲግሪው አራት ሳይሆን ሁለት ዓመት ብቻ እንዲቀረው ማድረጉ ነው።

5. ስንት ጊዜ ውስጥ ይመለሳል?

ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ስድስት ወር ቢፈጅባትና ያን ጊዜ ቤተሰቧ ቢያኖራት፣ በወር 2,000 ሂሳብ 12,000 ይጨመርና 96,000 ብር ይሆናል። ዲግሪው በወር የሚጨምርላት የተጣራ ገቢ 4,000 ብር ከሆነ በ24 ወር ይመለሳል። 1,500 ብቻ ከሆነ 64 ወር፣ ማለትም ከአምስት ዓመት በላይ ይወስዳል። ልዩነቱን ስትገምቱ የተመራቂን ደመወዝ ሆቴሉ ዛሬ ከሚሰጣት ጋር ሳይሆን ሁለት ዓመት ተኩል ሠርታ ልትደርስበት ከምትችለው ጋር አወዳድሩ። ቁጥሩን ከማስታወቂያ ሳይሆን ባለፈው ዓመት ከተመረቁ የዲፓርትመንቱ ልጆች ጠይቁ፤ ሥራ ያላገኙትንም ጭምር። የመውጫ ፈተናውም አለ፤ እሱን ሳያልፉ ዲግሪ አይሰጥም።

6. ሦስተኛ በር ካለ ሂሳቡን እንደገና ሥሩ

ትምህርት ክፍሉ የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም ካለው፣ መደበኛ ትምህርትን ስትመርጥ የምትተወው ሥራውን ብቻ ሳይሆን "ሥራ ከማታ ትምህርት ጋር" የሚለውን ነው። ያኔ የታለፈው ዕድል ዋጋ ከፍ ሊል ይችላል፤ ከሚተርፋት 2,000 ላይ የማታው ክፍያ ይነሳል፣ ምረቃዋም ይዘገያል፣ ዲግሪው ግን አይቀርባትም። ለባለቤቱ መልስ ከመስጠቷ በፊት ሬጅስትራር ሄዳ ሁለት ነገር ትጠይቅ፦ እስካሁን የወሰደቻቸው ኮርሶች ወደ ማታው ይዛወሩላታል ወይ? ዊዝድሮው ሞልታ ብትወጣስ እስከ መቼ ተመልሳ መግባት ትችላለች?