ጓንግዡ ላይ ዝም ያለው የትርጉም መተግበሪያ

አዳማ ላይ በዋይፋይ ያለ እንከን የሚተረጉመው Google Translate ጓንግዡ የጅምላ ገበያ ውስጥ ምንም አይመልስም። የቻይና ኢንተርኔት የጉግልን አገልግሎቶች ስለሚያግድ የአገሩን ሲም መግዛት አልረዳም። አጥፍቶ መጫንማ አይሞከርም፤ ፕሌይ ስቶርም አይከፈትም።

የሠራው ይህ ነው። የኢትዮጵያው ሲም ሮሚንግ ብዙውን ጊዜ በአገር ቤት ኔትወርክ ስለሚያልፍ እገዳው አይነካውም። ሮሚንጉን ለጥቂት ደቂቃ ከፍቶ፣ የመገለጫ ምስሉን ነክቶ፣ Downloaded languages ውስጥ ቻይንኛንና እንግሊዝኛን ማውረድ፤ ከዚያ ሮሚንጉን መዝጋት። ሮሚንግ ውድ ስለሆነ ይህን አዳማ ሳሉ መጨረስ ይሻላል። ከዚያ ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጎ አንድ ዓረፍተ ነገር መሞከር ነው፤ ካልተረጎመ አልወረደም ማለት ነው።

አማርኛ አጠገብ የማውረጃ ምልክት ካልታየ በአጭር እንግሊዝኛ ይጻፍ። «ይቀንስልኝ» ብቻውን ግራ ያጋባል፤ «የዚህን ጫማ ዋጋ ቀንስ» የሚለው ግን በእንግሊዝኛም በትክክል ይተላለፋል። የዕቃ መለያ ጽሑፍ ከሆነ ካሜራው ያነበዋል።

ለድርድሩ ሦስት ሐረግ በቃል መያዝ ይበቃል፦ «ድዎሻው ቺየን» ስንት ነው፣ «ታይ ጉዌይ ለ» በጣም ውድ ነው፣ «ቡ ያው» አልፈልግም። «ማይ»ን ግን ባይናገሩት ይመረጣል፤ እንደ ድምፁ አወጣጥ መግዛትም መሸጥም ይሆናል። ቁጥሩን በካልኩሌተር ጽፎ ማሳየት ነው፤ ከስድስት ጀምሮ የእነሱ የጣት ምልክት ከእኛ ይለያል።