See more የማይነካው ካፕሽን፦ ችግሩን ከመጀመሪያው መስመር መፈለግ

ፎቶው ጥሩ ነው፣ ጽሑፉም ፍሬ ያለው ነገር ይናገራል፣ ሰው ግን See more ሳይነካ ወደ ታች ያልፋል። እንዲህ ሲሆን ውስጡን ከመጠጋገን በፊት ከመቆረጫው በላይ ያለችውን ትንሽ ቦታ ማየት ይሻላል። የአንድ ባልትና ቤት ገጽ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ ውድ የገጻችን ቤተሰቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ደግሞ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስትጠይቁን በነበረው መሠረት፣ በክረምት ወቅት የተፈጨ በርበሬ ሻጋታ እንዳይዘው ማድረግ ስላለባችሁ ጥንቃቄ ጠቃሚ መረጃ ይዘንላችሁ ቀርበናል።»

ምልክት፦ ብዙ ሰው ያየዋል፣ የሚከፍተው ግን የለም

ምክንያቱ ሰላምታው ነው። ከላይ ያለው ሰላምታ ብቻ ክፍተቱና ነጥቡ ተቆጥሮ 42 ፊደል ይበላል። «በርበሬ» የሚለው ቃል የሚመጣው ደግሞ ከ100 ፊደል በኋላ ነው። ኢንስታግራም ላይ ለሚታየው ክፍል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ልክ 125 ፊደል ገደማ ነው። ይህ ልክ ግን ለላቲን ፊደል ነው የሚሠራው። የእኛ ፊደል በስፋቱ ስለሚበልጥ አንድ መስመር ላይ የሚገባው ቁጥር ያንሳል። በዚያ ላይ ኢንስታግራም ካፕሽኑን የሚጀምረው ከገጹ ስም ቀጥሎ እዚያው መስመር ላይ ስለሆነ፣ ስሙ የረዘመ ገጽ የመጀመሪያ መስመሩን ገና ሳይጽፍ ያጎድላል።

ስለዚህ ፊደል ከመቁጠር ይልቅ በስልክ ማየት ይሻላል። ጽሑፉን ከነፎቶው በራሳችሁ የፌስቡክ ፕሮፋይል ላይ ተመልካቹን Only me አድርጋችሁ ለጥፉት፤ ከዚያ በስልክ ክፈቱና የት ላይ እንደተቆረጠ እዩ። ስክሪኑ ጠበብ ያለ፣ ፊደሉም ከፍ ተደርጎ የተስተካከለ ስልክ ካገኛችሁ በዚያም ሞክሩት፤ አንባቢያችሁ ሁሉ የያዘው የእናንተን ዓይነት ስልክ አይደለም።

ሰላምታ ለለመደ ገጽ ሰላምታውን መተው ብልግና ይመስላል። አይደለም። መጨረሻው ላይ አድርጉት፤ እዚያ የደረሰ ሰው ሰላምታ የሚገባው ሰው ነው።

ምልክት፦ ሰላምታው ወጥቷል፣ አሁንም አይነካም

ይህኛው ከቋንቋችን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከሌላ ቋንቋ የተወሰደ ምክር ብዙም አይፈታውም። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «በነበረው መሠረት»፣ «እንዳይዘው»፣ «ስላለባችሁ» እያለ ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም፣ መቆረጫው ከዋናው ግሥ በፊት ይደርሳል። አንባቢው የሚያየው ማን ምን እንዳደረገ የማይናገር ግማሽ ሐሳብ ነው። ግማሽ ሐሳብ ጉጉት የሚፈጥር ይመስላል፣ ግን አይፈጥርም። ሰው የሚጓጓው አንድ ነገር ገብቶት ቀሪውን ሲፈልግ ነው፤ ምንም ያልገባው ሰው ያልፋል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የዓረፍተ ነገሩን የመጨረሻ ግሥ ፈልጉ። በምሳሌያችን «ይዘንላችሁ ቀርበናል» ነው፤ ስለ በርበሬ አንዳች የማይናገር ባዶ ግሥ። ይውጣ። ቀጥሎ ውስጥ ከተቀበሩት መካከል ሥራ ያለውን ፈልጉ። አንባቢው በእጁ የሚያደርገው ወይም የሚተወው ነገር ምንድን ነው? ጽሑፉ ወረድ ብሎ ዋናው ጥንቃቄ ትኩስ በርበሬ አለመክደን እንደሆነ ይናገራል። እንግዲያው ግሡ «አትክደኑት» ነው። ያንን ግሥ ይዛችሁ ከአራት እስከ ስምንት ቃል ያለው፣ የተዘጋ ዓረፍተ ነገር ሥሩ፦

«በርበሬውን ከወፍጮ እንዳመጣችሁ ትኩሱን አትክደኑት።»

32 ፊደል ነው፤ ጠባብ ስልክም ላይ ይገባል። ነገሩ ተጠናቋል፣ ግን «ለምን?» የሚል ጥያቄ ይተዋል። አሁን ቀጥሎ የሚመጣው ያንን ጥያቄ ያባብሰው እንጂ ገና አይመልሰው፦

«ሻጋታው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከክዳኑ ሥር ነው። በማግስቱ ክዳኑን ገልብጡና እዩ።»

የሚታየው ምንድን ነው? መልሱ ከመቆረጫው በታች ይጀምራል፦ የውሃ ጠብታ ነው። ትኩሱ ዱቄት የሚያወጣው እንፋሎት ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይወርዳል፣ የረጠበውም ይሻግታል። ስለዚህ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ስስ አድርጎ ዘርግቶ፣ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ በደረቅ ዕቃ መክደን ነው።

ፌስቡክ ከኢንስታግራም ይልቅ ብዙ መስመር ስለሚያሳይ እዚያ ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ይታያሉ፤ ኢንስታግራም ላይ የመጀመሪያው ብቻ ቢታይም ለብቻው ይቆማል። መጀመሪያው አጭርና የተዘጋ እንዲሆን የምንለው ለዚህ ነው፤ የትም ቢቆረጥ አይጎዳም።

ተመሳሳይ በሽታ ማዕረግ በሚያበዙ ገጾች ላይም አለ። የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ የኃላፊው ማዕረግ፣ የስብሰባው ቦታ ተደርድረው ሲያልቁ መስመሩም ያልቃል። የተወሰነው ነገር ይቅደም፣ የወሰነው አካል ይከተል።

ምልክት፦ ይነካል፣ ግን ወዲያው ይወጣል፤ አስተያየቱም ስድብ ነው

መጀመሪያው መስመር «ጉድ ነው!» ወይም «ይህን ሳታዩ እንዳታልፉ!» ብሎ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ምክር ጥሩም ቢሆን ሰው እንደተታለለ ይቆጥረዋል። ፈተናው ቀላል ነው፦ መስመሩን ሳይቀይሩ ስለ ቡና፣ ስለ መኪና ወይም ስለ ትዳር በሚናገር ፖስት ላይ መለጠፍ ከተቻለ፣ መስመሩ ስለምንም አይናገርም። ከርዕሰ ጉዳዩ አንድ የሚጨበጥ ዕቃ አስገቡበት፤ ክዳን፣ ወፍጮ፣ ጨርቅ። መልሱ ደግሞ ከመቆረጫው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ይገኝ።

«ላይክና ሼር አድርጉ» ብሎ መጀመር ሌላ ጣጣ አለው። ፌስቡክ እንዲህ ያለ ልመና ያለባቸውን ፖስቶች ወደ ታች እንደሚያወርድ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2017) አስታውቋል። ቦታም ይበላል፣ ተመልካችም ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሁሉም ፖስት መነካት የለበትም። ዋጋ የሚያስታውቅ ፖስት ዋጋውን እዚያው መጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፍ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» እያሉ ሰውን ማስለመን See more ያስነካ ይሆናል፣ በርበሬ ግን አያሸጥም።

ምልክት፦ See more ያለቦታው ይመጣል፣ ወይም ጭራሽ አይመጣም

ያለቦታው ከመጣ ባዶ መስመሮቹን እዩ። መቆረጫው ፊደልን ብቻ ሳይሆን መስመርንም ስለሚቆጥር፣ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ኢንተር መምታት የሚታየውን ቦታ በባዶነት ይጨርሰዋል። በኢሞጂ የተደረደረ ማጌጫ መስመርና ከላይ የተቀመጡ ሃሽታጎችም እንደዚያው ናቸው። ሃሽታጉን ወደ ታች አውርዱ፤ አንድ ኢሞጂ የግድ ካስፈለገ ከዓረፍተ ነገሩ በኋላ ይግባ።

ጭራሽ ካልመጣ ጽሑፉ አጭር ነው ማለት ነው፤ ሁሉም ታይቷል። ያንን ለማስረዘም ብሎ ቃል መጨመር አያስፈልግም።