በሴል ሥዕል ላይ ማርክ የሚያስቀንሰው የመስመሩ ጫፍ ነው

የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የዕፅዋት ሴል ክፍሎችን ስም አጥርተው ያውቃሉ፤ ሥዕል ላይ አመልክቱ ሲባሉ ግን ማርክ ይቀነስባቸው ነበር። ወረቀቶቻቸውን ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳያቸው ችግሩ ያለው ስሙ ላይ ሳይሆን የመጠቆሚያው መስመር ጫፍ ላይ ነው።

አንዷ “ሴል ሜምብሬን” ብላ የሳበችው መስመር ውጪኛው ወፍራም ክፍል ላይ ቆሟል። እሱ ሴል ዎል ነው። ሜምብሬኑ ከዎሉ በስተውስጥ ተጠግቶ ያለው ቀጭን መስመር ነው። ጫፉ ትንሽ አልፎ ቢገባ ደግሞ ሳይቶፕላዝም ይሆናል። ኒውክለስም ላይ እንዲሁ ነው፦ መስመሩ መሃል ያለችውን ጥቁር ነጥብ ከነካ የተጠቆመው ኒውክሎለስ ነው።

አሁን መስመሩን ከስሙ ሳይሆን ከክፍሉ ያስጀምራሉ። በደንብ የተቀረጸ እርሳስ ክፍሉ ላይ ያሳርፉና በማስመሪያ ወደ ውጭ ይስባሉ፤ ስሙ መጨረሻ ላይ ይጻፋል። የቀስት ራስ ከልክያለሁ፤ ዎሉንና ሜምብሬኑን አንድ ላይ ይሸፍናቸዋል።

ራሳቸው ሲስሉ ዳሩን በአንድ መስመር ብቻ ከሳሉት ግን ይህ ዘዴ አይረዳም፤ ሜምብሬኑ ሥዕሉ ላይ የለምና። ሁለት መስመር መሳል አለባቸው።

ከማስረከባቸው በፊት ስሞቹን በወረቀት ይሸፍኑና ጫፎቹን ብቻ እያዩ እያንዳንዱን ክፍል እንደገና ይጠራሉ። የሚያጠራጥር ጫፍ ካለ ላጲስ ያነሳሉ።