ፎቶ ላይ ህንፃ ስናስቀምጥ የሚያጋልጡን ስህተቶች

አንድ ደንበኛ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ያለውን ባዶ ቦታውን በስልኩ አንስቶ ላከልኝ። ሊያሠራ ያሰበው ጂ+4 እዚያው ቆሞ ማየት ፈልጓል። ሞዴሉን ሠራሁ፣ ሬንደር አደረግኩ፣ ፎቶው ላይ አስቀመጥኩለት። አየውና ሳቀ። «ይሄ ህንፃ ዳገት ሊወጣ ማርሽ ያስገባ መኪና ይመስላል» አለኝ።

ቀለሙም ብርሃኑም ምንም አልነበረበትም። ፐርስፔክቲቩን ነበር ያበላሸሁት፤ ያውም በአንድ ሳይሆን በብዙ ቦታ። ስህተቶቼን በተራ ልንገራችሁ።

አድማሱን ከመንገዱ መውሰድ

ጎን ለጎን የሚሄዱ መስመሮች ፎቶ ላይ እየተጠጋጉ ሄደው አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ነጥቡን ቫኒሺንግ ፖይንት እንለዋለን። በውሃ ልክ የተሠራ ነገር ሁሉ፣ ወለል በሉት የመስኮት አናት፣ መገናኛው የአድማስ መስመር ላይ ነው። የአድማስ መስመሩ ደግሞ ሁልጊዜ በካሜራው ከፍታ ልክ ይውላል።

እኔ ምን አደረግኩ? የአስፋልቱን ሁለት ጠርዝና የቆርቆሮ አጥሩን ጫፍ አስረዝሜ የተገናኙበትን ነጥብ አድማስ አልኩት። መንገዱ ግን ዳገት ነው። በ100 ሜትር 4 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ የቆርቆሮ አጥሩም አብሮት ይወጣል። የዳገት መስመሮች የሚገናኙት ከአድማሱ በላይ ነው፣ የቁልቁለት ከበታች። በዚህ ፎቶ ልዩነቱ 130 ፒክስል ገደማ ነበር። ህንፃዬ ከመንገዱ ጋር ሽቅብ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ትክክለኛው ምስክር የጎረቤት ቤት ነው። የመስኮቶቹን አናትና ግርጌ አስረዝሙ፣ የሚገናኙበት ላይ አድማሱን ታገኛላችሁ። የብሎኬት አጥርም ይረዳል። ዳገት ላይ ቢሆንም ብሎኬቱ የሚደረደረው በውሃ ልክ ነው፤ አጥሩ የሚወጣው ደረጃ ደረጃ እየሠራ ነው።

የሳሎን ፎቶ ላይ ሶፋ ስታስቀምጡም ያው ነው። ሳሎኑ ቆሞ በ1.50 ሜትር ከፍታ ከተነሳ፣ መደገፊያው 85 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሶፋ ሙሉ በሙሉ ከአድማሱ በታች ይውላል፣ መቀመጫውም ከላይ መታየት አለበት። የሻጮች የሶፋ ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ ዝቅ ተብሎ የተነሳ ስለሆነ መቀመጫው ቀጭን መስመር ብቻ ነው። እሱን ቆርጣችሁ ብትለጥፉት ምንም ብትጎትቱት አይገጥምም። ሌላ ፎቶ ፈልጉ።

ፎቶው ውስጥ እንዲገባ ማሳነስ

ይሄኛው ያሳፍረኛል። ህንፃው አልገባ ሲለኝ ትንሽ አሳነስኩት። «ማን ያውቃል» ብዬ።

ደግነቱ ፎቶው ላይ የግቢው ጥበቃ ነበሩ። ህንፃው የሚነሳበት ማዕዘን ላይ ቆመዋል። ቁመታቸው 1.70 ሜትር ነው፣ ፎቶው ላይ ደግሞ 170 ፒክስል ሆነዋል። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ 1 ሜትር ማለት 100 ፒክስል ነው። እንግዲህ አምስቱ ወለል ሦስት ሦስት ሜትር፣ በድምሩ 15 ሜትር። ከሥር ግማሽ ሜትር መሠረት፣ ከላይ ግማሽ ሜትር የጣሪያ ከለላ። 16 ሜትር ሆነ፣ ማለትም 1,600 ፒክስል።

አድማሱ ጥበቃውን የሚያቋርጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፣ ከእግራቸው 50 ፒክስል ከፍ ብሎ። ካሜራው 1.60 ላይ ተይዞ ሳለ አድማሱ ጉልበት ላይ ከዋለ፣ እሳቸው የቆሙበት መሬት ከአንሺው መሬት በ1.10 ሜትር ይበልጣል ማለት ነው። ሜዳ ቢሆን ኖሮ ዓይናቸው አጠገብ ያልፍ ነበር።

ፎቶው 4,000 በ3,000 ፒክስል ነው፣ ስልኩም ቀጥ ብሎ ስለተያዘ አድማሱ መሀል ላይ ነው። ከአድማሱ በላይ ያለኝ 1,500 ፒክስል ብቻ። ህንፃው ደግሞ 1,550 ይፈልጋል። ሃምሳ ፒክስል ጎደለኝና ህንፃውን ቀጣሁት! ማድረግ የነበረብኝ ከላይ ሰማይ መጨመር ወይም ደንበኛው ወደ ኋላ ርቆ እንዲያነሳ መጠየቅ ነበር።

ርቆ ሲያነሳ ግን ስልኩን ወደ ላይ እንዳያቀና ንገሩት። ከቀና የቋሚ መስመሮቹም አናት ላይ መጠጋጋት ይጀምራሉ፣ አድማሱም ከመሀል ይወርዳል። የእናንተ ህንፃ ቀጥ ብሎ፣ የጎረቤቱ የመብራት እንጨት ወደ ውስጥ አዘንብሎ ይታያል።

ሁለቱን ነጥብ እንዳሻችሁ መምረጥ

ማዕዘኑ ወደ እኛ የዞረ ህንፃ ሁለት ቫኒሺንግ ፖይንት አለው፣ ለየጎኑ አንዳንድ። የመንገዱን በኩል ከጎረቤት መስኮት አገኘሁት፤ ከፎቶው መሀል 1,800 ፒክስል ወደ ቀኝ። ለሌላው ጎን ምልክት አጣሁና በግራ ጠርዝ ላይ አሳረፍኩት፣ ከመሀል 2,000 ላይ። ለምን እዚያ? ሸራው እዚያ ስላለቀ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ግን ሁለቱ ነጥቦች የተቆራኙ ናቸው። ካሜራው ቀጥ ካለና የህንፃው ማዕዘን 90 ዲግሪ ከሆነ፣ ከመሀል ያላቸው ርቀት ሲባዛ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በፒክስል ተቆጥሮ በራሱ ተባዝቶ የሚሰጠውን ይሰጣል። የሌንሱን ቁጥር የፎቶው ዝርዝር መረጃ ውስጥ ታገኙታላችሁ። የዚህ ስልክ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ሂሳብ 24 ነበር። እሱን ለፊልሙ ሰያፍ ለ43.3 አካፍሎ በፎቶው ሰያፍ በ5,000 ፒክስል ማባዛት ነው። 2,770 ገደማ ይመጣል። ይሄ በራሱ ተባዝቶ ለ1,800 ሲካፈል 4,260 ነው። የግራው ነጥብ ከፎቶው ውጭ፣ ከጠርዙ 2,260 ፒክስል ርቆ ነበር!

እኔ ጠርዝ ላይ ስላመጣሁት ማዕዘኑ ወደ 70 ዲግሪ ጠበበ፣ ህንፃው የመርከብ አፍንጫ መሰለ። ስለዚህ ሸራውን አስፉ፣ ሲያልቅ ትቆርጡታላችሁ። ደንበኛው የላከው ፎቶ ቀድሞ ተቆርጦ ከሆነ ግን መሀሉ ቦታውን ስቷልና ይሄ ሂሳብ አይሠራም፤ ዋናውን አስልኩ። ሂሳቡ ከከበዳችሁ fSpy የሚባለው ነፃ ፕሮግራም መስመሮቹን አስምራችሁለት ካሜራውን ያሰላና ለ Blender ይሰጣል። እሱም ቢሆን የመንገዱን ጠርዝ ብታሰምሩለት ያምናችኋል።

መስኮቶችን በማስመሪያ ማካፈል

ፊት ለፊቱ አምስት እኩል ክፍል ካለው፣ ፎቶ ላይ እኩል መሆን የለባቸውም፤ እየራቁ ይጠባሉ። ምን ያህል እንደሚጠቡ በዓይን አትገምቱ። አምስቱ ወለሎች ወደ ቫኒሺንግ ፖይንቱ የሚሄዱ መስመሮች ሰጥተዋችኋል። መሠረቱንና የጣሪያ ከለላውን ትታችሁ፣ ፊቱን ከምድር ወለሉ የታች ጥግ እስከ አምስተኛው ወለል ተቃራኒ የላይ ጥግ በአንድ ሰያፍ አቋርጡት። ሰያፉ የወለል መስመሮቹን በነካበት ሁሉ ቋሚ መስመር ጣሉ። አለቀ።

ግርጌውን መርሳት

ይሄን ሁሉ አስተካክዬም ህንፃው መሬቱን አልነካ አለኝ። የወለሉ መስመር ወደ አድማሱ ይሄዳል፣ የአስፋልቱ ጠርዝ ደግሞ ከአድማሱ በላይ ወዳለው ነጥብ። በመሀላቸው ሽብልቅ የመሰለ ክፍተት ቀረ። ያ ክፍተት ስህተት አይደለም፤ የድንጋይ መሠረቱ ቦታ ነው። የህንፃው ፊት 12 ሜትር ነው። በዚያ ዳገት 48 ሳንቲ ሜትር ይለያያል፣ እኔም ከሥር የቆጠርኩት ግማሽ ሜትር እሱ ነው። በቅርቡ ማዕዘን 48 ፒክስል ከፍታ ያለው ድንጋይ ሠራሁ፣ ሩቁ ጫፍ ላይ ከመሬቱ ጋር አንድ ሆኖ ጠፋ።

ደንበኛው ሁለተኛውን ሲያይ ስለ መኪና አላነሳም። «ድንጋዩ ስንት ያስወጣኛል?» አለኝ።