በፈረንሳይኛ የቢሮ ደብዳቤ ውስጥ ስምና ተደራጊ ግስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፈረንሳይ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ለፕሬፌክቱር ደብዳቤ ሲጽፉ አብሬ እቀመጣለሁ። ፕሬፌክቱር የመኖሪያ ፈቃድ የሚያድሰው የመንግሥት ቢሮ ነው። ደብዳቤዎቹ ላይ ደጋግሜ የማየው ችግር የሰዋስው ድክመት አይደለም። የቢሮ ፈረንሳይኛ መምሰል ስለተፈለገ ብቻ ግሱ ሁሉ ወደ ስም ይለወጣል፣ አድራጊውም ከዓረፍተ ነገሩ ይጠፋል።

አንድ ጊዜ የቀረበልኝ ረቂቅ እንዲህ ይል ነበር፦ «ሱዊት አ ላ ሬሴፕስዮን ደ ላ ደማንድ ደ ትራንስሚስዮን ደ ዶኩማን፣ ኢል አ ኤቴ ፕሮሴዴ አ ላንቯ ደ ላቴስታስዮን ዴቤርዥማን።» ቃል በቃል ሲፈታ «የሰነዶች መላክ ጥያቄን መቀበል ተከትሎ፣ የማስጠጊያ ማረጋገጫውን የመላክ ተግባር ተከናውኗል» ማለት ነው። ሰዋስዉ ልክ ነው። ግን ማን ጠየቀ? ማን ላከ? መቼ?

የመጀመሪያው ስህተት የእኛን «የ» የምትመስለው የ«ደ» ሰንሰለት ነው። ሬሴፕስዮን ደ ደማንድ ደ ትራንስሚስዮን ደ ዶኩማን፦ አራት ስሞች፣ በመካከላቸው አንድም ግስ የለም። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ሁለት «ደ» በተከታታይ ካለ ይለፍ፤ ሦስተኛው ሲመጣ አንዱን ስም ወደ ግስ እመልሰዋለሁ።

ሁለተኛው ባዶ ግስ ነው። «ፕሮሴዴ አ ላንቯ» ማለት የመላክን ተግባር ማከናወን ነው። «አንቯዬ»፣ ማለትም መላክ የሚለው ግስ እያለ ምን አስፈለገው? «ኤፌክቱዌ»፣ ማለትም ማከናወን፣ እና «ፌር ሎብዤ ደ»፣ ማለትም የአንድ ተግባር ጉዳይ መሆን፣ እንደዚሁ ናቸው። የእኛም ቢሮዎች «መረመረ» በማለት ፈንታ «ምርመራ አካሄደ» ስለሚሉ ልማዱ አይገርመንም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚጎዳው ተደራጊው ነው። «ኢል አ ኤቴ ፕሮሴዴ» አድራጊ የለውም። ማረጋገጫውን የሚጽፈው አመልካቹን በቤቱ ያስጠጋው ሰው ነው፤ ሊልከው የሚችለው ግን እሱም አመልካቹም ነው። ፋይሉን የያዘው ሠራተኛ ወረቀቱን በማን ስም ይፈልገው? ስለዚህ እንዲህ አስተካከልነው፦ «ቩ ማቬ ደማንዴ ዴ ዶኩማን ለ 3 ማርስ። ዠ ቩ ዜ አንቯዬ ላቴስታስዮን ዴቤርዥማን ለ 7 ማርስ።» በማርች 3 ሰነዶች ጠየቃችሁኝ፤ በማርች 7 ማረጋገጫውን ላክሁላችሁ። አድራጊ አለ፣ ቀን አለ።

አራተኛው ስህተት በተለይ እንግሊዝኛ የሚያውቁትን ይይዛል። «ቀጠሮ ተሰጠኝ» ለማለት «ዤ ኤቴ ዶኔ አን ራንዴቩ» ይላሉ። በፈረንሳይኛ ይህ አይሆንም። ተቀባዩ የተደራጊ ዓረፍተ ነገር ባለቤት መሆን አይችልም። አማርኛችን ግን እዚህ ላይ ትክክለኛውን መንገድ ያሳየናል። «ቀጠሮ ተሰጠኝ» ስንል ባለቤቱ ቀጠሮው ነው፣ እኔ ደግሞ በ«ኝ» ገባሁ። ፈረንሳይኛውም እንዲሁ ነው፦ «አን ራንዴቩ ማ ኤቴ ዶኔ።» ለ«ኝ» «ም» ቆመች። ንግግር ሲሆን «ኦን ማ ዶኔ»፣ ማለትም «ሰጡኝ»፣ ይቀላል።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው ስህተት አለ፤ ሁሉንም ስምና ሁሉንም ተደራጊ መሰረዝ። ይህንን ምክር ሰምተው ደብዳቤውን ወደ ሰፈር ወሬ ያወረዱ አሉ። ስም የሚያምርበት ቦታ አለ። ዋናው ቀድሞ የተነገረን ነገር መልሶ ሲያነሳ ነው። «ማ ደማንድ አ ኤቴ ረዠቴ ለ 12 ማይ። ስ ረዤ ም ፕሪቭ ደ ሞን አምፕሏ።» ጥያቄዬ በሜይ 12 ውድቅ ሆነ፤ ይህ ውሳኔ ሥራዬን ያሳጣኛል። «ረዠቴ» የሚለው ግስ «ስ ረዤ» ሆኖ ሲመለስ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ይጋጠማሉ። ስሙ ብቻውን፣ ያለ ምንም «ደ»፣ ከኋላው ሕያው ግስ ይዞ ቆሟል። በርዕሰ ጉዳይ መስመር ላይም «ኦብዤ፦ ደማንድ ደ ረኑቬልማን»፣ ማለትም «ጉዳዩ፦ የእድሳት ጥያቄ»፣ ከሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሻላል።

እዚሁ ምሳሌ ላይ ተደራጊው «አ ኤቴ ረዠቴ»ም በቦታው ነው። ወሬው ስለ ጥያቄዬ ነው፣ ስለ ፈራሚው አይደለም። ውድቅ ያደረገውም ያው ቢሮ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አድራጊው አከራካሪ ሲሆን ግን ተደራጊውን ተዉት። «ሰነዱ ጠፍቷል» የሚል መልስ ቢደርሳችሁ ጉዳያችሁን ማን እንደያዘ መጠየቅ ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 2000 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ ባለጉዳይ ፋይሉን የያዘውን ሠራተኛ ስምና ኃላፊነት የማወቅ መብት ሰጥቶታል። ጥያቄውንም በአድራጊ ግስ ጻፉት፦ «ኪ ትሬት ሞን ዶስዬ?» ጉዳዬን የያዘው ማን ነው?