አፈር ወይም በረዶ አማረሽ? ደምሽን አስለኪ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ያለችው ጎረቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከፍሪጅ በረዶ እያወጣች ስትቆረጥም ትውላለች። ዝናብ ሲጥል ደግሞ የአፈሩ ሽታ አያስችላትም፤ ቆንጠር አድርጋ ትቀምሳለች። እኛም «አምሮት ነው» ብለን ሳቅን። ክትትል ስትሄድ አፍራ ደብቃው ነበር። «ንገሪያቸው» አልኳት። ደሟ ሲለካ ሄሞግሎቢኗ 9 ሆነ። በዚህ የእርግዝና ወር ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል።

እንዲህ ያለ አምሮት፣ በተለይ የበረዶው፣ ብዙ ጊዜ የብረት ማዕድን እጥረት ምልክት ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ስለዚህ በግምት ኪኒን ከመዋጥ መመርመር ይሻላል። አፈሩ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ብረቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። የወስፋት እንቁላል ወይም እርሳስም ሊኖርበት ይችላል። ጥሬ ዱቄት የሚያምራቸውም አሉ፤ እሱም ሆድ ይሞላል እንጂ ደም አይተካም።

አሁን የታዘዘላትን የአይረን ኪኒን በብርቱካን ጭማቂ ትውጣለች። ቡናዋን ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ታዘገየዋለች (ይሄ ነው የከበዳት!)፤ ቡናና ሻይ ብረቱን ይሻሙታል። ሰገራ ቢጠቁር ከኪኒኑ ነው፣ አያስደነግጥም። የበረዶው አምሮት በሁለት ሳምንት ለቀቃት። ደሙ እስኪሞላ ግን ወራት ስለሚፈጅ ኪኒኑን አላቋረጠችም።