30 በመቶ ድርሻ «ትንሽ» እንዳይመስላችሁ

ኬዝ ስተዲ ላይ የድርጅት ምርቶችን በገበያ ድርሻና በገበያ ዕድገት የሚመድበውን የቢሲጂ ማትሪክስ ስትሠሩ የገበያ ድርሻን ብቻውን አትዩት። ለትልቁ ተፎካካሪ ድርሻ አካፍሉት።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የዱቄት ፋብሪካ አለ እንበል። ከዱቄት ገበያው 30 በመቶ ይዟል፤ ትልቁ ተፎካካሪው 20። ሲካፈል 1.5 ይመጣል። ከ1 በላይ ነውና መሪ ነው። ገበያው በዓመት 3 በመቶ ብቻ ካደገ (ዝቅተኛና ከፍተኛ ዕድገትን የሚለየው መስመር ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ነው) ዱቄቱ የምትታለብ ላም ነው፤ ማለትም ብዙ ሳይፈስበት ገንዘብ የሚያስገባ ምርት።

ፋብሪካው የሚሠራው ብስኩት ግን ከብስኩት ገበያው 10 በመቶ ነው ያለው፤ ተፎካካሪው 40። 0.25 መሆኑ ነው። ገበያው በ15 በመቶ ስለሚያድግ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ማለትም ገንዘብ ይፍሰስበት ወይስ ይተው የሚያሰኝ ምርት።

ብዙ ተማሪ እዚህ ያቆማል። ዋናው ጥያቄ ገና ነው፦ ከላሟ የሚታለበው ብር ብስኩቱን መሪ ለማድረግ ይበቃል ወይ? ካልበቃ «ይተው» ከማለታችሁ በፊት ብስኩቱ ምን ያህል የፋብሪካውን ዱቄት እንደሚወስድ እዩ። ማትሪክሱ ይህን ዝምድና አያሳይም።